ፋይሉ ሳይደርሳቸው «አስተካክለናል» የሚሉ ጽሕፈት ቤቶች አሉና ብር ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከመንዝ፣ ከአንኮበር ወይም ከሸዋ ሮቢት ሆናችሁ ደብረ ብርሃን ላለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት በቴሌግራም ሥራ የምትልኩ ሰዎች፣ ይህ ጽሁፍ ለእናንተ ነው።

የአክስቴ ልጅ መሐል ሜዳ ባዮሎጂ ታስተምራለች። ደብረ ብርሃን የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አየችና ሲቪዋንና የማመልከቻ ደብዳቤዋን እንዲያስተካክሉላት ለአንድ ጽሕፈት ቤት «ይህን ሰነድ አስተካክሉልኝ» ብላ ጻፈች። ፋይሉን አስከትላ ላከች። የዲግሪዋ ፎቶ ስላለበት ከበድ ያለ ነበር፣ ኔትወርኩ ደግሞ ይቆራረጣል። መልእክቷ ወዲያው ገባ። ፋይሉ ገና እየተጫነ እያለ ቴሌግራሙን ዘግታ ክፍል ገባች።

ጽሕፈት ቤቱ «እሺ እህት፣ 400 ብር ላኪ፣ ማታ ይደርስሻል» አላት። በቴሌብር ላከች። ማታ እውነትም ሁለት ገጽ መጣላት። ስሟ በትክክል ተጽፏል። ከዚያ በታች ያለው ግን የሌላ ሰው ሕይወት ነው። በአካውንቲንግ ተመርቃለች ይላል። ሠርታ በማታውቅበት ድርጅት የአራት ዓመት የሥራ ልምድ አላት ይላል። ደውላ ስትጠይቅ «የላክሽውን ነው ያስተካከልነው» አሏት።

ስልኳን ተቀብዬ አየሁት። «አስተካክሉልኝ» የሚለው መልእክት ሁለት የእርማት ምልክት አለው፤ ተነቧል ማለት ነው። ከሥሩ ያለው ፋይል ላይ ግን ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት ቆሟል። ይህ ማለት ፋይሉ ከስልኳ አልወጣም። ስሟን ከቴሌግራሟ ወስደው፣ ኮምፒውተራቸው ላይ የቆየ የሌላ ደንበኛ ደብዳቤ ላይ ለጥፈው ሰጧት።

እኔን ያናደደኝ ከብሩ ይልቅ ይህ ነው። ሳታነብ ፈርማ ብታስገባው ኖሮ የሐሰት የሥራ ልምድ አቀረበች ተብላ የምትጠየቀው እሷ ነበረች። ፋይል ያልደረሰው ሰው ማለት ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፋይሉ አልደረሰኝም፣ እንደገና ላኪው፤ ካስቸገረሽ ጽሁፉን ገልብጠሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ምኑ እንዲስተካከል እንደምትፈልጊም ንገሪኝ።» ይህን ብሎ ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እንዲህ የሚሉ ጽሕፈት ቤቶችም አሉ፤ እነሱን ያዟቸው።

እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ብር ከመላካችሁ በፊት ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። የሰዓት ምልክት ካለ ገና እየሄደ ነው፣ ቴሌግራሙን አትዝጉ። አንድ እርማት ሲሆን ሄዷል፣ ሁለት ሲሆን እነሱ ንግግሩን ከፍተውታል። ሁለት እርማት ግን ፋይሉን ራሱን ከፍተው አይተውታል ማለት አይደለም። ስለዚህ ይህችን ጻፉላቸው፦ «ፋይሉ ስንት ገጽ ነው? የመጀመሪያው መስመር ምን ይላል?» ፋይሉን የከፈተ ሰው ወዲያው ይመልሳል። «አታስቢ፣ ደርሶናል» ብቻ ካሏችሁ ብር አትላኩ።

በፍላሽ የምትወስዱም ብትሆኑ ያው ነው። ብዙ ሰው ከዴስክቶፕ ላይ ፋይሉን የገለበጠ መስሎት ሾርትከቱን ብቻ ይገለብጣል። ምልክቱ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት አለችው፣ መጠኑም አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት ብቻ ነው። እቤት ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል፣ ሌላ ቦታ አይከፈትም፤ ውስጡ ጽሁፍ የለማ! ፍላሹን ሰጥታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት እዚያው አስከፍታችሁ እዩት። የጎግል ዶክስ ሊንክ ከሆነም ፈቃድ ካልሰጣችሁ እነሱ ጋ የሚታየው `Request access` የሚል ገጽ ብቻ ነው።

ብሩ አስቀድሞ ከሄደ ደግሞ ቀዩን ምልክት ነክታችሁ ፋይሉን ደግማችሁ አትላኩ። ከላካችሁት ምልክቱ ይጠፋል፣ ፋይሉም ቀድሞ ያልደረሰ ለመሆኑ ማስረጃ አይኖራችሁም። በመጀመሪያ ስክሪንሾት አንሱ፤ መልእክታችሁ፣ ቀዩ ምልክት፣ የእነሱ «እሺ» እና ሰዓቱ አብረው ይታዩ። የቴሌብሩን ማረጋገጫና የላኩላችሁን ሰነድም አስቀምጡ።

እኛ ይህንኑ ይዘን ሄድን። ባለቤቱ መጀመሪያ አንገራገረ። «ያስተካከላችሁት ፋይል የቱ ነው? ክፈቱልን» ስንለው የሚከፍተው አጣና 400 ብሩን መለሰ። የሌላዋን ደንበኛ ደብዳቤ ለአክስቴ ልጅ መስጠቱንም ነገርነው፤ የዚያች ሴት ስልክ ቁጥር ሳይቀር እዚያው ወረቀት ላይ ነበር። እምቢ ቢል ኖሮ ስክሪንሾቱን ይዘን ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ልንሄድ ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸጠው ዕቃም ሆነ አገልግሎት ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ በስልክ ስትከፍሉም ደረሰኝ ጠይቁ፣ ላዩ ላይም የሥራውን ዓይነትና የገጹን ብዛት አስጽፉ።