ለኪራይና ለመብራት ክፍያ የቱ ይሻላል? ጉግል ካሌንደር፣ ጉግል ታስክስ ወይስ Due

የክፍያ ማስታወሻ ሦስት ነገር ሊያደርግ ይገባዋል፦ ቀድሞ መንገር፣ ዝም ሲሉት መጨቅጨቅ፣ ሲከፍሉ «ተከፍሏል» ብለው እንዲዘጉት መፍቀድ። ሦስቱንም እኩል የሚሠራ ከእነዚህ ውስጥ የለም።

ቀድሞ በመንገር ጉግል ካሌንደርን የሚያህል የለም። ለአንድ ቀጠሮ እስከ አምስት ማሳሰቢያ ይቀበላል። ኪራይዎ ጥቅምት 1 ከሆነ፣ አምስት ቀን ሲቀረው በኢሜይል፣ ሁለት ቀን ሲቀረው በስልክ፣ ከዚያ ዋዜማውን እንዲነግርዎ ያድርጉ። የመጀመሪያው ብሩን ለማሟላት ነው፤ የመጨረሻው ለመላክ።

ችግሩ መዝጊያ የለውም። አምስት ቀን ሲቀረው ከፍለው ቢጨርሱም የቀሩት ማሳሰቢያዎች ይመጣሉ። ይሄን ቀላል አድርገው አይዩት። የተከፈለውን ደጋግሞ የሚያስታውስ ስልክ ማሳሰቢያን ሳያነቡ ማጥፋት ያስለምዳል። ከዚያ ያልተከፈለውም አብሮ ያልፋል። ስለዚህ እንደከፈሉ የዚያን ወር ቀጠሮ ይሰርዙ። ሲሰርዙ This event የሚለውን ይምረጡ፤ All events ካሉ የቀሪዎቹም ወራት ይጠፋሉ።

ጉግል ታስክስ መዝጊያ አለው። ያልተዘጋው ከዝርዝሩ አይወጣም። ግን በቀጠሮው ሰዓት አንዴ ነግሮ ያበቃል፤ አይጨቀጭቅም።

Due የተባለው የማስታወሻ መተግበሪያ የሚሠራው በአይፎንና በማክ ላይ ነው። እስኪዘጉት ድረስ በየደቂቃው፣ ከፈለጉም በየሰዓቱ ይጮሃል። መጮህ የሚጀምረው ግን በሞሉለት ሰዓት ስለሆነ፣ ቀድሞ እንዲነግርዎ ቀኑን ራስዎ ቀደም ማድረግ አለብዎት። ለኪራይ ሁለት ቀን ቀደም ቢያደርጉት ይበቃል። ጩኸቱን ለማስቆም ብለው ግን «ተከፍሏል» እንዳይሉ። የሚዘጋው የባንኩ ወይም የቴሌብር መልእክት ሲደርስዎ ነው።

ሦስቱንም የሚመለከት አንድ ወጥመድ አለ። ኪራይ በኢትዮጵያ ቀን ከሆነ «በየወሩ» የሚለው ምርጫ ያሳስታል። በ2018 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነበር፤ ነሐሴ 1 ግን ኦገስት 7 ነው። በየወሩ 11 ያሉት ስልክ ነሐሴ ላይ አራት ቀን ዘግይቶ ይነግርዎታል። በካሌንደርና በታስክስ Custom ገብተው በየ30 ቀኑ እንዲደጋገም ያድርጉና ከመስከረም 1 ጀምሮ 12 ጊዜ ላይ ያስቁሙት። ካላስቆሙት ጳጉሜን 1 ላይ ይጮሃል፤ ከዚያ ወዲያም ቀኑ ይዛባል። አዲሱ ዓመት ሲገባ እንደገና ይሙሉት።

እንግዲህ ብር ማሟላት የሚያስቸግርዎ ከሆነ ካሌንደር ይውሰዱ። ብሩ እያለ «ነገ እልካለሁ» እያሉ የሚያሳልፉ ከሆነ ግን፣ አይፎንም ካለዎት፣ Due ገንዘብ ቢወጣበት አይቆጭም። መጠኑ በየወሩ ለሚለያየው ለመብራትና ለውሃ ታስክስ ይበቃል፤ ሂሳቡ መምጣቱን አይቶ መዝጋት ብቻ ነው።