«የድሮውን ይተዉትና አዲስ ይግቡ» ከተባላችሁ ቶሎ አትፈርሙ

የሕይወት መድን ኖሯችሁ አረቦኑን በወኪል እጅ ለምትልኩ፣ በተለይ እንደኛ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ለምትኖሩ ነው ይህን የምጽፈው። ቢሮው ሩቅ ስለሆነ ወኪሉ ቤት ድረስ ሲመጣልን ደስ ይለናል።

የአንዲት ጎረቤታችን ክፍያ የሚደርሰው ሐምሌ 1 ነበር። ውሏ የ30 ቀን የእፎይታ ጊዜ አለው። በእነዚህ ቀናት ሽፋኑ እንዳለ ነው። ባለ ፖሊሲው ቢሞት እንኳ ኩባንያው ያልተከፈለውን አረቦን ቀንሶ ለተጠቃሚዎቹ ይከፍላል። እሷ ሐምሌ 25 ብሩን ለወኪሉ ሰጠች። ደረሰኙን «ነገ አመጣልሻለሁ» አላት። ብሩ ኩባንያው ጋ የደረሰው ግን ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ያኔ ፖሊሲው ተቋርጧል። በዚያ መሃል አንድ ነገር ቢደርስባት ልጆቿ ሙሉውን የሞት ካሳ ላያገኙ ይችሉ ነበር።

ወኪሉ ታዲያ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «የተቋረጠውን ፖሊሲ ወደ ሥራ ማስመለስ ጣጣ ነው፣ አዲስ ላስገባሽ።» ለእሱ ይሻለዋል፤ ኮሚሽን በአዲስ ፖሊሲ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ነው ጠቀም የሚለው። እሷ ግን የገባችው በ34 ዓመቷ ነው፣ አሁን 41 ሆኗታል። አዲሱ አረቦን በአሁኑ ዕድሜዋ ይሰላል። ቁጠባ ያለው ፖሊሲ ስለሆነ በከፈለችባቸው ዓመታት የተጠራቀመ ዋጋም አለ። በዚያ ላይ ካሳ የማይከፈልባቸው ወይም የሚገደብባቸው የመጠበቂያ ጊዜዎች ከአዲሱ ውል ጋር እንደገና ከአንድ ይጀምራሉ።

ማስመለሱ ያን ያህል ጣጣ የለውም። ማመልከቻው በጽሑፍ ለኩባንያው ይገባል፤ ግልባጩ ላይ «ገቢ» አስመትታችሁ ያዙ። ውዝፉ ከነወለዱ ይከፈላል። የጤና መግለጫም ትፈርማላችሁ፣ አንዳንዴ ምርመራ በራሳችሁ ወጪ ይታዘዛል። ጎረቤታችን በቅርቡ የደም ግፊት መድኃኒት ጀምራለች። አዲስ ብትገባም ይህ መጠየቁ አይቀርም፤ መደበቅ ደግሞ ኋላ ካሳ ያስከለክላል። ስለዚህ እውነቱን ጻፉ። ኩባንያው የመከልከል መብት አለው። ማስመለስ የሚቻልበት ጊዜም ገደብ አለው፤ ስንት እንደሆነ ውላችሁ ላይ ተጽፏል። ስትዘገዩ ወለዱም ይጨምራል፣ የጤና ጥያቄውም ጠበቅ ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ውዝፉን ከፈልኩ ብሎ ተመልሻለሁ ይላል። ሽፋኑ የሚመለሰው ኩባንያው መቀበሉን በጽሑፍ ሲያሳውቅ ነው። ደብዳቤው እስኪደርስ የድሮውን ፖሊሲ ለመሰረዝ የሚሰጣችሁን ወረቀት እንዳትፈርሙ።

በእፎይታው ጊዜ ከፍላችሁ የኩባንያው ማህተም ያለበት ደረሰኝ በእጃችሁ ካለ ግን ማስመለሻ ቅጽ ከመሙላታችሁ በፊት ደረሰኙን ይዛችሁ ቢሮ ሂዱ። ቀኑን አሳዩና «ፖሊሲዬ መቋረጥ አልነበረበትም» ብላችሁ በጽሑፍ አቤት በሉ። ወለድም፣ የጤና ቅጽም አያስፈልግም ማለት ነው።