«በጣም አሪፍ ነው» ብሎ የጠፋው ደንበኛ

ባሕር ዳር ውስጥ በግል ሎጎ፣ ሜኑና ታፔላ የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህችን አንብቧት። ጣና ዳር ካለ አንድ ማረፊያ ጋር ሠርቼ፣ ሥራው ጸድቆ፣ ቀሪ ክፍያዬ ሦስተኛ ወሩን ይዟል። ስሙን አልጽፍም፤ ጉዳዩ ገና አላለቀም። አካሄዱን ግን ካወቃችሁት ሌላ ቦታም ሲመጣባችሁ ትለዩታላችሁ።

የተስማማነው ኅዳር 20 ነው። ሎጎ፣ የምግብ ዝርዝር፣ የበር ታፔላ እና በጀልባቸው ጎን የሚለጠፍ ጽሑፍ፣ በጠቅላላ 60,000 ብር። 20,000 ብር ቀብድ ሰጡኝ። ቀሪው 40,000 ሥራው በጸደቀ በ10 ቀን ውስጥ እንዲከፈል አንዲት ገጽ ወረቀት ላይ ጽፈን ተፈራረምን። ያቺ ገጽ ባትኖር ዛሬ የምጽፈው ነገር አይኖረኝም ነበር።

ታኅሣሥ 24 የመጨረሻውን ናሙና በቴሌግራም ላክሁ። ታንኳ ላይ የተቀመጠች ወፍ ናት፤ ራሴም ወድጃታለሁ። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው መለሰ፦ «በጣም አሪፍ ነው! ይሄው ነው፣ ጨርሰናል።» አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሌላ መልእክት መጣ። «ወንድሜ፣ ማተሚያ ቤቱ እየጠበቀን ነው። ለጥምቀት መድረስ አለበት። ዋናውን ፋይል ላክልኝ።»

ላክሁ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ፋይል ስል ቬክተሩን ማለቴ ነው። ለጀልባም ለቢዝነስ ካርድም ቢሆን ጥራቱ ሳይቀንስ እንደፈለጉ የሚያሰፉትና የሚያጠቡት እሱን ነው። ለማጽደቅ ግን ቬክተር አያስፈልግም። ስፋቱ 1,000 ፒክስል የሆነ ምስል በስልክ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ያንኑ ምስል ሦስት ሜትር ታፔላ ላይ ብትዘረጉት እያንዳንዷ ነጥብ ሦስት ሚሊሜትር ትሆናለች። ጠርዙ ይቦጫጨራል፤ ማንም ባለቤት በሩ ላይ አይሰቅለውም። ስለዚህ ደንበኛው በትንሹ ምስል አይቶ ያጽድቅ፤ ቬክተሩ ደግሞ የመጨረሻው ብር አካውንት ሲገባ ይሂድ። እኔ ይህን እያወቅሁ በጥምቀት ስም ተታለልኩ። ታፔላው ከበዓሉ በፊት ተሰቀለ፣ ጀልባዋም ወፏን ለጥፋ እንግዳ ማመላለስ ጀመረች።

ክፍያው የሚደርሰው ጥር 4 ነበር። በዚያ ቀን ስደውል «ባለቤቱ አዲስ አበባ ናቸው» ተባልኩ። በሳምንቱ ቼኩ የሁለት ሰው ፊርማ ይፈልጋል ተባለ። ከዚያ ደግሞ ሲስተም የለም። እነዚህን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፣ አልዘረዝርም። አደገኛው ግን በወሩ አካባቢ የመጣው ነው። «እግረ መንገድህን ሜኑ ላይ የዓሣ ዱለት ዋጋ ቀይርልን፣ ወፏንም ትንሽ ወደ ግራ።»

የአሥር ደቂቃ ሥራ ናት። ብሠራት ኖሮ ግን «ሥራው እኮ ገና አላለቀም» ማለት ይችሉ ነበር። የጸደቀውን ሥራ ራሴ እንደገና ከፈትኩት ማለት ነው፤ የ10 ቀኑም ቆጠራ ሊያከራክር ነው። ስለዚህ «ታኅሣሥ 24 የጸደቀው ሥራ ክፍያ ሲጠናቀቅ ይህን እንደ አዲስ ሥራ እቀበላለሁ» ብዬ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ከጸደቀ በኋላ የምትመጣ ትንሽ ማስተካከያ ካያችሁ መጀመሪያ ቀሪ ክፍያችሁን አስቡ።

ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ስለማመጥ ሌላም ነገር ከሰርኩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 መሠረት፣ ባለዕዳውን አልፈጸምክም ለማለት በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ። ወለድም የሚቆጠረው ከዚያ ወዲህ ነው። «ኧረ ወንድሜ እንዴት ነው ነገሩ» የሚለው የስልክ ጥሪዬ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ምን ያህል እንደሚቆጠር አስቡት። ደግሞ እኮ አንቀጽ 1775 ቀኑ ሲያልፍ ያለማስጠንቀቂያ እንዳዘገየ ይቆጠራል ብላችሁ በውል እንድትስማሙ ይፈቅዳል። አንድ መስመር ነው። እኔ አልጻፍኩትም።

መጋቢት 4 ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዤ ሄድኩ። እንዲህ ይላል፦

«ለማረፊያው ሥራ አስኪያጅ፣

ኅዳር 20 በተፈራረምነው ውል መሠረት ያዘዙኝን የሎጎ፣ የምግብ ዝርዝር፣ የታፔላና የጀልባ ጽሑፍ ሥራ አጠናቅቄ አስረክቤአለሁ። ሥራውን ታኅሣሥ 24 በቴሌግራም በጻፉልኝ መልእክት አጽድቀውታል፤ የመልእክቱ ቅጂ ተያይዟል። ከጠቅላላው 60,000 ብር 20,000 ብር ተቀብያለሁ። ቀሪው 40,000 ብር እስከ ጥር 4 መከፈል ነበረበት፤ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

ይህ ደብዳቤ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1772 መሠረት የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ገንዘቡን እስከ መጋቢት 19 በውሉ ላይ በተገለጸው የባንክ ሒሳብ እንዲያስገቡልኝ እጠይቃለሁ። ቀኑ ካለፈ ዋናውን ገንዘብ ከሕጋዊ ወለድና ከወጪ ጋር በፍርድ ቤት እጠይቃለሁ። ከጸደቀ በኋላ የተጠየቀው ማስተካከያ የዚህ ውል አካል አይደለም።»

ይኸው ነው። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። የመጀመሪያው ረቂቄ ሁለት ገጽ ነበር፤ ሌሊት ተነስቼ እንዴት እንዳዘንኩ ሁሉ ጽፌበት ነበር። አንድ የሕግ ባለሙያ ዘመዴ አየውና «ይህን ለእናትህ ላክ» አለኝ።

እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ቅጂዬ ላይ ቀን ጽፋ፣ ፈርማ፣ ማኅተም መታችበት። አልቀበልም ቢሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ልልክ አስቤ ነበር፤ ዋናው የደረሰበት ማስረጃ እጃችሁ ላይ መቅረቱ ነው።

በዘጠነኛው ቀን 25,000 ብር ገባ። ያን ዕለት ማታ ለሥራ አስኪያጁ «25,000 ብር ደርሶኛል፤ ከ40,000 ቀሪው 15,000 ነው» ብዬ ጻፍኩለት። «እሺ» አለ። ይህቺ «እሺ» ዋጋ አላት፤ ነገ ዕዳ የለብንም ቢሉ ቀሪውን ራሳቸው አምነዋል። 15,000ዋ ግን ቀኗ አልፎም አልመጣችም። ከፋሲካ በኋላ ተብያለሁ።

ወለዱን አትመኩበት። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው። ለ40,000 ብር በወር 300 ብር ይመጣል። ማዘግየት ለእነሱ ከባንክ ብድር ይረክሳል። ፍርድ ቤትም ለ15,000 ብር ስንት ቀን ሥራ አስፈትቶ እንደሚያመላልሰኝ እያሰላሁ ነው። የማያከራክረው መያዣ ያልተላከ ቬክተር ብቻ ነበር።

ትናንት ጣና ዳር ቡና እየጠጣሁ ጀልባዋ ወፌን ይዛ ወደ ዘጌ ስታልፍ አየኋት። ማታ ደግሞ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ደወለ። እዚያው ማረፊያ ብሮሸር አዘውታል፤ ለበዓሉ ቶሎ ይፈለጋል ብለውታል። 70 በመቶ ቀብድ ጠይቅ፣ ቬክተሩን እንዳትልክ አልኩት።