ታዳላፊል በየቀኑ ወይስ ታምሱሎሲን?

አዘዞ የሚኖሩ የ62 ዓመት አባት እናስብ። ፕሮስቴታቸው በማደጉ ሌሊት ሦስቴ ለሽንት ይነሳሉ። ስንፈተ ወሲብም አለባቸው፤ ይህን ግን ሐኪሙ ካልጠየቃቸው አያወሩም።

ታምሱሎሲን 0.4 ሚሊግራም የፕሮስቴትንና የፊኛን አንገት ጡንቻ ያላላል። በቀናት ውስጥ ሽንቱ ይቀልላል። ለብልት መቆም ግን አይረዳም፤ እንዲያውም የዘር ፈሳሽን ሊቀንስ ይችላል።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት የሚዋጠው 5 ሚሊግራም ታዳላፊል ለሁለቱም ይሆናል። ለሽንቱ ጥቂት ሳምንታት መታገሥ ያስፈልጋል፤ ፕሮስቴቱንም አያሳንስም። ለእኚህ አባት የእኔ ምርጫ ይህኛው ነው።

«ደረቴን ሲጨመድደኝ ከምላሴ ሥር የማደርጋት ኪኒን አለችኝ» ካሉ ግን ነገሩ አበቃ። ያቺ ናይትሬት ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዷ የሆነችው ናይትሮግሊሰሪን ናት። እሷና ታዳላፊል ሲገናኙ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። ታዳላፊል የሚወስድ ሰው ድንገት ደረቱን ቢያመው፣ ድንገተኛ ክፍል እንደገባ መጀመሪያ ይህን ይናገር። ከመጨረሻው ኪኒን በኋላ ቢያንስ 48 ሰዓት ናይትሬት አይሰጥም።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው የታዳላፊል መጠኑ ይቀነስለታል ወይም ጭራሽ አይታዘዝለትም። አረቄ ማብዛትም ራስን ያዞራል። ታዳላፊልንና ታምሱሎሲንን በራስ ፈቃድ መደረብም እንደዚያው፤ ከመኝታ ብድግ ሲሉ መውደቅ ይመጣል።