ሴቭ ወይስ ሼር? የመጨረሻዋ ስላይድ ጥያቄ

ባሕር ዳር በጀልባ የሚያስጎበኝ ወዳጄ ስለ ዘጌ ጉዞ ሰባት ስላይድ ሠርቶ ኢንስታግራም ላይ ለጠፈ። የመጨረሻዋ «ላይክ፣ ሴቭ፣ ሼር፣ ፎሎው አድርጉ» ትላለች። አራት ነገር የተጠየቀ ሰው አንዱንም ሳያደርግ ያልፋል። ሁለቱን ብቻ ይዘን አመዛዘንን።

ሴቭ የሚጠየቀው ሰው በኋላ ተመልሶ የሚያየው ነገር ሲኖር ነው። አራተኛዋ ስላይድ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶችም እንደሚገቡ፣ ክብራን ገብርኤል ግን ለወንዶች ብቻ እንደሆነ ትናገራለች። ተጓዡ ይህን የሚፈልገው ሐይቁ ዳር ቆሞ ነው። «ከመሳፈራችሁ በፊት እንድታዩት ሴቭ አድርጉት» ቢባል ያስኬዳል። ግን ሴቭ ያደረገ ሰው ለራሱ ነው ያስቀመጠው። አዲስ ሰው አይጠራም።

ሼር ሌላ ሥራ ይሠራል። የጀልባ ኪራይ ለብዙ ሰው ሲካፈል ይቀላል፣ ስለዚህ ጉዞውን ብቻውን የሚወስን ጥቂት ነው። ወዳጄ የፈለገው የቅዳሜን ጀልባ መሙላት ስለነበር ሼርን መረጥኩለት። «ሼር አድርጉ» ብቻ ግን ደረቅ ነው፤ ለማን? እንዲህ ጻፍነው፦ «ቅዳሜ አብሯችሁ ለሚሄደው ጓደኛ ላኩለት።»



ከጥቂት ቀን በኋላ ኢንሳይት ይከፈት። ሼር ጠይቃችሁ ሴቭ ከበለጠ፣ ሰዎች ፖስቱን እንደ መረጃ ይዘውታል። ያኔ ጥያቄውን ወደ ሴቭ ቀይሩና ለጀልባው ሌላ ፖስት ሥሩ።