“ልክ እንደ እውነተኛ ጨርቅ” ተብሎ የሚሸጠውን የመኝታ ክፍል ሬንደር ሳትመረምሩ ቀሪ ክፍያ አትክፈሉ

በባሕር ዳር ከተማም ሆነ በጣና ዳርቻ የእንግዳ ማረፊያ ወይም መኖሪያ ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ፣ በተለይም መጋረጃና አልጋ ልብስ ከማሰፋታችሁ በፊት የመኝታ ክፍሉን ምስል በኮምፒውተር፣ ማለትም ሬንደር፣ ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ ይህን እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ። ሰሞኑን በከተማችን የሚቀርብ አንድ የሥራ ውል አለ። ውሉ መጋረጃው፣ ምንጣፉና አልጋ ልብሱ በደንበኛው ክፍል ልክ እንደሚሠሩ፣ የጨርቁም እጥፋት በሲሙሌሽን፣ ማለትም የጨርቁን አወዳደቅ ኮምፒውተሩ ራሱ በሚያሰላበት ዘዴ፣ ተሰልቶ እንደ እውነተኛ ጨርቅ ወድቆ እንደሚታይ ይገልጻል፤ በዚህም ምክንያት ከተራው ሬንደር በጣም የሚበልጥ ዋጋ ይጠየቅበታል። እኔ የምተዳደረው በዚሁ ሙያ ስለሆነ አንዲት የማረፊያ ባለቤት የተረከቡትን ፋይል እንድመለከትላቸው ሰጡኝ፤ በውስጡ ያገኘሁት ሥራ ውሉ ከሚለው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። የሠሪውን ስም አልጠቅስም፤ እንዲህ ያለውን ውል የሚያቀርበው እርሱ ብቻ ስላልሆነ ምልክቶቹን ማወቁ ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ክፍሉ ወደ ሐይቁ የሚያይ ሰፊ መስኮት አለው። የመጋረጃው ዘንግ ሦስት ሜትር ሲሆን፣ ግራና ቀኝ የሚከፈቱ ሁለት መጋረጃዎች ሲዘጉ እያንዳንዳቸው አንድ ሜትር ተኩል ይሸፍናሉ። አልጋው ላይ ነጭ አንሶላ፣ በአልጋው ግርጌ በኩል ደግሞ ባለ ጥለት ጋቢ ተጥሎ እንዲታይ፣ ወለሉ ላይም ፀጉር ያለው ምንጣፍ እንዲነጠፍ ታዝዟል። ባለቤቷ ምስሉን የፈለጉት ለማስታወቂያ ብቻ አልነበረም፤ ለመጋረጃ ሰፊውና ለሸማኔው አሳይተው በዚያው መሠረት ሊያሠሩበት ነበር። ጉዳቱ የከፋውም በዚህ ምክንያት ነው፤ መጋረጃ ሰፊው ምስሉን አይቶ “እናቴ፣ ይህ እንኳን የሚሰፋ መጋረጃ አይደለም” ብሎ መለሰላቸው።

ሰፊው ያየው ነገር በቁጥር ሊነገር ይችላል። ተሸብሽቦ የሚሰቀል መጋረጃ ያማረ አወዳደቅ እንዲኖረው የጨርቁ ስፋት ከሚሸፍነው ዘንግ ሁለት እጥፍ እስከ ሁለት እጥፍ ተኩል ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሜትር ተኩል ለሚሸፍን አንድ መጋረጃ ከሦስት ሜትር እስከ ሦስት ሜትር ከሰባ አምስት ሳንቲም የሚሆን ጨርቅ ያስፈልጋል። ሠሪው ግን ጨርቁን በዚህ ልክ ዘርግቶና ሰብስቦ አልሠራውም። ከኢንተርኔት የወረደ፣ ተሰብስቦ ስድሳ ሳንቲም ያህል ቦታ የሚይዝ ዝግጁ መጋረጃ አምጥቶ በወርዱ ብቻ ጎትቶ አንድ ሜትር ተኩል አድርሶታል። ምስሉ የተሠራበትን ብሌንደር የተባለ ፕሮግራም ፋይል ከፍቶ መጋረጃውን መርጦ N የሚለውን ቁልፍ ለተጫነ ሰው በ Item ስር ማስረጃው ተጽፎ ይገኛል፤ Scale ከሚለው ስር X 2.500፣ Y 1.000፣ Z 1.000 ይላል። በሥርዓት የተሠራ ጨርቅ ሦስቱም ቁጥሮች እኩል፣ አብዛኛውን ጊዜም 1.000 ይሆናሉ። (ሠሪው ከጎተተ በኋላ Apply የሚለውን ትእዛዝ ከሰጠ ቁጥሮቹ ወደ 1.000 ስለሚመለሱ፣ የቁጥሮቹ እኩል መሆን ብቻውን ከጥርጣሬ ነጻ አያደርገውም።)

መጎተቱ ጨርቁን ምን እንዳደረገው እንመልከት። ዝግጁው መጋረጃ በስድሳ ሳንቲም ቦታ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ጨርቅ ይዞ ነበር፤ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው፤ በዚህም ምክንያት እጥፋቱ ጥልቅና የተጠጋጋ ነበር። በወርዱ ብቻ ሲጎተት የእጥፋቱ ጥልቀት እንደነበረ ሲቀር፣ በአንዱና በሁለተኛው እጥፋት መካከል ያለው ርቀት ግን ሁለት እጥፍ ተኩል ያድጋል። የመጋረጃውን የታችኛውን ጠርዝ እጥፋቱን እየተከተልን ብንለካው አሁን የሚወጣው ሁለት ሜትር ያህል ነው፤ ለአንድ ሜትር ተኩል ዘንግ ሲካፈል ከአንድ እጥፍ ከሲሶ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ እጥፋቱ ሰፊና የተለጠጠ ሆኖ፣ መጋረጃው ከጨርቅ ይልቅ የታጠፈ ቆርቆሮ መሰለ። በጨርቁ ላይ ያለው ሽመናም አብሮ ስለተለጠጠ ክብ መሆን የነበረበት ጌጥ ሞላላ ሆኗል። ሁለቱ መጋረጃዎች ደግሞ አንዱ የሌላው ቅጂ ናቸው፤ በግራው ሦስተኛ እጥፋት ላይ ያለችው ትንሽ ስርጉድ በቀኙም ሦስተኛ እጥፋት ላይ አለች። ይህን ለማየት ፋይል መክፈት አያስፈልግም፤ ምስሉን ማየት ይበቃል።

የጋቢው ነገር ግን የበለጠ ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ጋቢን እኛ በየቀኑ የምናየው ስለሆነ ልንታለልበት አይገባም። ጋቢ አራት ድርብ የጥጥ ጨርቅ ነው፤ ሲወድቅ እጥፋቱ ወፍራምና ክብ ይሆናል፤ ጫፉም ላይ ውፍረቱ ይታያል። በተረከቡት ምስል ላይ የነበረው ጋቢ ጠርዙ እንደ ወረቀት ስስ ነው። ጥለቱ ደግሞ ከሽመናው ጋር የተሠራ ስለሆነ ጨርቁ ሲታጠፍ አብሮ መታጠፍ፣ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ መሰወርና በወዲያኛው በኩል መውጣት ነበረበት። በምስሉ ላይ ግን ጥለቱ እጥፋቱን ሳያውቀው በቀጥታ መስመር አልፏል፤ በአልጋው ጎን በሚወርደው ክፍል ላይ ደግሞ ቀለሙ ወደ ታች እየተሳበ ዥንጉርጉር መስመር ሆኗል። ይህ የሚሆነው የጥለቱ ሥዕል ከላይ ወደ ታች እንደ ፊልም መብራት በቅርጹ ላይ ሲጣል ነው፤ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ያምራል፤ ቁልቁል የሚወርድ ገጽ ላይ ግን ሥዕሉ የሚያርፍበት ስፋት ስለሚያጣ ይሳባል። ጨርቁ በመጀመሪያ ተዘርግቶ፣ ጥለቱ በተዘረጋው ላይ ተቀምጦ፣ ከዚያ በሲሙሌሽን አልጋው ላይ ቢወድቅ ኖሮ ሥዕሉ ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሄድ ነበር። ጥለትን የማይከተል እጥፋት ካያችሁ “በሲሙሌሽን ወድቋል” የሚለውን ቃል አትመኑ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አንሶላው ላይ ሲሙሌሽን ተሞክሯል። የተተወው ግን መሥሪያው በነባሪነት በሚሰጠው ቁጥር ላይ ነው። በብሌንደር Cloth በሚባለው የጨርቅ ሲሙሌሽን ውስጥ ጨርቁ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲገናኝ የሚጠብቀው ርቀት ሳይነካ ከተተወ አንድ ሳንቲም ተኩል ነው፤ ስለዚህ አንሶላው ፍራሹን አልነካም፤ በላዩ ተንሳፏል፤ በጠርዙም በኩል ጥቁር ክፍተት ይታያል። Self Collisions የሚለው ምርጫ ደግሞ ካልተከፈተ ጨርቁ ራሱን ስለማያውቅ በማዕዘኑ ላይ አንዱ እጥፋት በሌላው ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ ይህም ሆኗል። ከሁሉ በላይ የአንሶላውን ቅርጽ የሚሠራው የካሬዎች መረብ ከሚገባው በላይ የሳሳ ነው፤ ከዓሣ መረብ ጋር ብናስተያየው ዓይኑ የሰፋ መረብ ትንሹን ዓሣ እንደማይዝ ሁሉ፣ አንድ ካሬው አሥር ሳንቲም የሆነ መረብም የሁለትና የሦስት ሳንቲም ሽብሽብ ሊይዝ አይችልም። ሁለት ሜትር ከአርባ በሁለት ሜትር ከአርባ የሆነ አንሶላ በሁለት ሳንቲም ካሬ ቢከፈል 14,400 ካሬ ይወጣዋል፤ ይህ ለአንድ ተራ ኮምፒውተር የማይከብድ ሥራ ነው። በዚህ ፋይል ውስጥ የነበሩት ስድስት መቶ እንኳ አይሞሉም።

ስለ ምንጣፉ ብዙ አልልም። ፀጉር ያለው ምንጣፍ ተብሎ የታዘዘው ወለሉ ላይ የተለጠፈ ፎቶግራፍ ነው፤ ጠርዙ ውፍረት የለውም፤ የአልጋው እግርም አልሰመጠበትም። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በአግድም ሲያርፍበት ፀጉሩ ጥላ መጣል ነበረበት፤ አልጣለም።

ብዙ ሰው ይህን ሁሉ ሳያይ የሚከፍለው ምስሉ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ስለሚላክ ነው። ቴሌግራም ፎቶን ያሳንሳል፤ በስልክ ላይ ደግሞ የሽመናው ነገር ጭራሽ አይታይም። በተጨማሪም ሠሪው ጊዜ ለመቆጠብ የምስሉን ብርሃን በጥቂት ናሙና አስልቶ በምስሉ ላይ የቀረውን ነጠብጣብ በማጽጃ ፕሮግራም ካጠፋው፣ ማጽጃው ነጠብጣቡን ከክሩ ስለማይለይ ሽመናውንም አብሮ ያብሰዋል፤ ጥጡም ፕላስቲክ ይመስላል። ስለዚህ ምስሉን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል እንዲልኩላችሁ ጠይቁና በሰፊ ስክሪን አጉልታችሁ ተመልከቱ።

ባለቤቷ ቅሬታቸውን ሲያቀርቡ የተሰጣቸው መልስ “እናቴ፣ ሬንደር ሥዕል ነው፤ ጨርቁን የሚያሳምረው ሰፊው ነው” የሚል ነበር፤ ቅድሚያ የተከፈለው ግማሽም አልተመለሰም። እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ዝግጁ መጋረጃና ትራስ ከኢንተርኔት ወስዶ መጠቀም በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ብዙዎቻችን እንጠቀማለን፤ ለማስታወቂያ ብቻ ለሚውል ምስልም ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጥፋቱ ዝግጁውን በልክ እንደተሠራ አድርጎ መሸጡና የልክ ሥራ ዋጋ መቀበሉ ነው።

ውል የምትፈርሙ ከሆነ የምጠይቃችሁ ጥቂት ነገር ነው። የእያንዳንዱ መጋረጃ ጨርቅ ተዘርግቶ ስንት ሜትር እንደሚሆን በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ይህ ቁጥር ለሰፊውም ይጠቅማል። በሸማኔ የሚሠራ ጨርቅ ካዘዛችሁ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ለሦስት ሜትር መጋረጃ መገጣጠም ግድ ይላል፤ የመገጣጠሚያው ስፌት በምስሉ ላይ የት እንደሚውል አብሮ ይነገራችሁ። ቀለምና ጥለት ከመጨመሩ በፊት ሁሉም ነገር በአንድ ግራጫ ቀለም የተሠራበት ምስል ይላክላችሁ፤ ቀለም የሚሸፍነው የእጥፋት ጉድለት ሁሉ በግራጫው ላይ ይገለጣል፤ ለማስተካከልም ገና ጊዜ አለ። በመጨረሻም ምስሉን ብቻ ሳይሆን ቴክስቸሮቹ፣ ማለትም የጨርቁ ቀለምና ጥለት ሥዕሎች፣ በውስጡ የታሸጉበትን .blend ፋይል መረከብ እንዳለባችሁ ይጻፍ፤ ይህም File ከሚለው ገብቶ External Data ውስጥ Pack Resources የሚለውን በመጫን የሚያልቅ ሥራ ነው። ግራጫውን ምስል ለመላክ የሚያንገራግር ሠሪ ካጋጠማችሁ ሁለተኛውን ግማሽ ክፍያ እጃችሁ ላይ አቆዩት።