የሰኔ 30 ቆጠራ ወይስ የየሳምንቱ?
ፒያሳ ባለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር መዝገቡ 240 ባለ 50 ገጽ ደብተር ይላል፤ መደርደሪያው ላይ የተገኘው 228 ነው። ዕቃውን ሁሉ ሰኔ 30 ብቻ ለሚቆጥር ሰው የ12ቱ ምክንያት በዓመት ሙሉ ደረሰኝ ሥር ተቀብሯል፤ አብዛኛውን ጊዜ «ጠፋ» ተብሎ ይሰረዛል።

በየሳምንቱ ጥቂት መደርደሪያ የሚቆጥር ግን የሚያገላብጠው የሰባት ቀን ወረቀት ነው። እዚህ ባለ 100 ገጹ ደብተር በ12 ተርፎ ተገኘ፤ የባለ 50 ገጹ ሽያጭ በስህተት በባለ 100 ገጹ ኮድ ተመዝግቧል። ሠራተኛውን ሌባ ከማለት በፊት ከጎደለው ዕቃ ጎን ያለውን ተመሳሳይ ዕቃ መቁጠር ይሻላል!

ስርቆትን የምጠረጥረው ማካካሻ ትርፍ ሳይኖር፣ የተበላሸ ዕቃም ሳይገኝ፣ ያው ዕቃ በአንድ ተረኛ ሳምንት ደጋግሞ ሲጎድል ነው። ይህን ድግግሞሽ የዓመቱ ቆጠራ አያሳይም። ሒሳብ ለመዝጋት ግን የሰኔው አይቀርም።